ኳሷ ግድግዳ ስትመታ፦ ግራፉ ላይ የምንሸወድባቸው ስህተቶች

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ፊዚክስ እንዳስረዳቸው እኛ ቤት ይመጣሉ፣ ከታች ደግሞ ታናናሾቻቸው የብሎኩን ግድግዳ በኳስ ሲደበድቡ ይውላሉ። ስለዚህ ኢምፐልስ ላይ ስንደርስ ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አልሄድም። ኢምፐልስ ማለት ከኃይልና ከጊዜ ግራፍ ሥር ያለው ስፋት ነው፣ ከኳሷ የሞመንተም ለውጥ ጋርም እኩል ነው።

የሰጠኋቸው ጥያቄ ይሄ ነው። 0.4 ኪሎ ግራም የሆነች ኳስ በሰከንድ 10 ሜትር እየበረረች ግድግዳውን ፊት ለፊት ትመታለች። ግድግዳው ኳሷን የሚገፋበት ኃይል በግራፍ ተስሏል። 2ኛው ሚሊ ሰከንድ ላይ ከዜሮ ይነሳል፣ 7ኛው ላይ 1400 ኒውተን ይደርሳል፣ 12ኛው ላይ ዜሮ ይገባል። ቅርጹ ሦስት ማዕዘን ነው። አማካይ ኃይሉ ስንት ነው? ኳሷስ በምን ፍጥነት ትመለሳለች?

አንደኛው ስህተት፣ ጫፉን በጊዜው ማባዛት። 1400 × 0.01 ብለው 14 ያወጣሉ። ይሄ የአራት ማዕዘን ስፋት ነው፤ ግራፉ ላይ ያለው ግን ሦስት ማዕዘን ስለሆነ ግማሹን ነው የምንወስደው፦ ½ × 0.01 × 1400 = 7 ኒውተን ሰከንድ። ስህተቱን መያዝ ቀላል ነው። ኳሷ ስትመጣ ሞመንተሟ 0.4 × 10 = 4 ነው። እሷን ለማቆም ብቻ 4 ያስፈልጋል፣ በመጣችበት ፍጥነት ለመመለስ ደግሞ 8። ግድግዳው ቆሞ ነው እንጂ እንደ ተጫዋች አይመታትም፣ ስለዚህ ነጥራ እስከተመለሰች ድረስ መልሱ ከ4 በላይ ሆኖ ከ8 ማለፍ አይችልም። 14 ካገኘህ ኳሷ በሰከንድ 25 ሜትር ተመለሰች እያልክ ነው። እንዲህ ዓይነት ግድግዳ ካለ አሳዩኝ።

ሁለተኛው፣ ሚሊ ሰከንዱን ሳይቀይሩ ማስላት። 7000 ይወጣል፣ ኳሷም ከጥይት ትፈጥናለች። ብዙ አያስወራም፣ ለ1000 አካፍሉ።

ሦስተኛው፣ ጊዜውን ከግራፉ መነሻ መቁጠር። ኳሷ ግድግዳውን የነካችው 2 ላይ ነው፣ የለቀቀችው 12 ላይ። የተነካኩበት ጊዜ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው እንጂ 12 አይደለም። አማካይ ኃይሉ 7 ÷ 0.01 = 700 ኒውተን። በ12 ያካፈለ ልጅ ግን ወደ 583 ያገኛል፣ ቁጥሩም ያልተጋነነ ስለሚመስል አይጠረጥረውም።

አራተኛው ነው ብዙዎቹን የሚጥላቸው። 7ን ለ0.4 ያካፍሉና 17.5 አግኝተው «የመመለሻ ፍጥነቷ ነው» ይላሉ። አይደለም። 17.5 የፍጥነቱ *ለውጥ* ነው። ወይ ደግሞ አቅጣጫውን ይረሱና 10 ላይ ደምረው 27.5 ያደርጉታል፣ ያኔ ኳሷ ግድግዳውን በስታ ወጣች ማለት ነው። ከግድግዳው የሚርቀውን አቅጣጫ ፖዘቲቭ በሉት። ስትመጣ ፍጥነቷ −10 ነው፣ −10 + 17.5 = 7.5። በሰከንድ 7.5 ሜትር ትመለሳለች። ምልክት የሚያደናግረው ሰው ኢምፐልሱን እንደ ብር ይዘርዝረው፦ ከ7ቱ 4ቱ ኳሷን ለማቆም አለቀ፣ የተረፈው 3 መልሶ ወረወራት፣ 3 ÷ 0.4 = 7.5። እኔ ራሴ ይሄኛውን ነው የምወደው።

አምስተኛው፣ «አማካይ ኃይል የጫፉ ግማሽ ነው» ብሎ መሸምደድ። የ1400 ግማሽ 700 ስለሆነ እዚህ ሠርቷል፣ ጉዱ የሚመጣው ቅርጹ ሲቀየር ነው። ግራፉ 4ኛው ሚሊ ሰከንድ ላይ 875 ኒውተን ደርሶ እስከ 10ኛው እዚያው ቢቆይና 12ኛው ላይ ዜሮ ቢገባ፣ ትራፒዞይድ ነው። ስፋቱ ½ × (0.010 + 0.006) × 875 = 7። አማካዩ አሁንም 700 ነው፣ የጫፉ ግማሽ ግን 437.5። ስለዚህ መጀመሪያ ስፋቱን አውጡ፣ ከዚያ ለጊዜው አካፍሉ።

የመጨረሻው ግራፉን ማንበብ ላይ ነው። አንዷ ልጅ «ጋሼ፣ ኳሷ የምትቆመው ጫፉ ላይ አይደል?» አለችኝ። እስቲ እንቁጠረው አልኳት። በሦስት ማዕዘኑ እስከ 7ኛው ሚሊ ሰከንድ ያለው ስፋት 3.5 ነው፣ ለማቆም ግን 4 ያስፈልጋል። 0.5 ይቀራል። ስለዚህ ኃይሉ ጫፍ ላይ ሲደርስ ኳሷ ገና በሰከንድ 1.25 ሜትር ወደ ግድግዳው እየሄደች ነው፣ የምትቆመው ትንሽ ቆይታ፣ ኃይሉ መቀነስ ከጀመረ በኋላ። እንዲህ ግራና ቀኙ እኩል በሆነ ግራፍ ጫፉ ላይ የምትቆመው በመጣችበት ፍጥነት ከተመለሰች ነው። የኛዋ ኳስ ደግሞ በ10 መጥታ በ7.5 ነው የተመለሰችው።