የባንክ ሒሳብ መግለጫን ከታሪፉ ጋር እንዴት ማመሳከር ይቻላል

ብዙ ሰው የሒሳብ መግለጫ ሲደርሰው ዓይኑን የሚጥለው በመጨረሻው ቀሪ ሒሳብ ላይ ነው። ቀሪው ከጠበቀው ብዙም ካልራቀ ወረቀቱን አጥፎ ያስቀምጣል። ያለ አግባብ የተቆረጠ ክፍያም ሆነ የጎደለ ወለድ ግን መጠኑ ትንሽ ስለሆነ ቀሪውን በማየት አይታወቅም። የሚታወቀው እያንዳንዱን መስመር ባንኩ ራሱ ካወጣው የተመን ሰነድ ማለትም ከታሪፉ ጋር በማስተያየት ነው። ሥራው ከመደመር፣ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። ክፍያዎቹ ቶሎ ያልቃሉ፤ ጊዜ የሚወስደውና ሰው ብዙ ጊዜ ሳይነካው የሚያልፈው ወለዱ ነው።

መጀመሪያ፣ ትክክለኛውን ታሪፍ ይያዙ

ባንኮች ታሪፋቸውን በየጊዜው ይለውጣሉ። ዛሬ በድረ ገጹ ላይ የሚገኘው ሰነድ ካለፉት ወራት መግለጫ ጋር ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ በቅድሚያ የሚታየው ታሪፉ ተፈጻሚ የሚሆንበት ቀን ነው። መግለጫው የሚሸፍናቸው ቀናት ከዚያ ቀን በፊት ከሆኑ የቀድሞውን ሰነድ ከቅርንጫፉ ይጠይቁ። አዲስ ታሪፍ ሲወጣ የቀድሞው ከድረ ገጹ ሊነሳ ስለሚችል፣ በእጅዎ ያለውን ፋይል ቀኑን በስሙ ላይ ጽፈው ማስቀመጥ ይበጃል።

ሁለተኛው የሚታይ ነገር የሒሳቡ ዓይነት ነው። አንድ ባንክ ብዙ ዓይነት የቁጠባ ሒሳብ ሊኖረው ይችላል፤ ለእያንዳንዱም የወለድ መጠኑና ወለዱ የሚሰላበት መንገድ ሊለያይ ይችላል። በመግለጫው አናት ላይ የተጻፈውን የሒሳብ ዓይነት በታሪፉ ላይ ካለው ስም ጋር ቃል በቃል ያስተያዩ። ሒሳቡን ሲከፍቱ የፈረሙት ውል ካለዎት እሱንም አጠገብዎ ያድርጉ። ከታች በምናየው ምሳሌ ችግሩ የተገኘው እዚህ ላይ ነው።

ክፍያዎቹን መስመር በመስመር

ሠላሳ ቀን ያለውን የአንድ ወር መግለጫ እንውሰድ። ምሳሌው የታሰበ ነው፤ ቁጥሮቹንም በየትኛውም ገንዘብ ማንበብ ይቻላል። ታሪፉ ወደ ሌላ ባንክ ገንዘብ ለማስተላለፍ ከሚተላለፈው መጠን 0.1 በመቶ ያስከፍላል፤ ከ10 አያንስም፣ ከ100 አይበልጥም። ከሌላ ባንክ ኤቲኤም ገንዘብ ለማውጣት 5፣ ለወርኃዊ የስልክ መልእክት አገልግሎት ደግሞ 3 ያስከፍላል። በሁሉም ክፍያዎች ላይ 15 በመቶ ታክስ ይታከላል።

በ21ኛው ቀን 6,000 ተላልፏል፤ የተቆረጠው ክፍያ 11.50 ነው። የ6,000 0.1 በመቶ 6 ብቻ ስለሆነ ክፍያው እጥፍ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ዝቅተኛው 10 ነው፤ ታክሱ 1.50 ሲታከልበት 11.50 ይሆናል። ባንኩ ልክ ነው። በመቶኛ የተጻፈ ክፍያ ሲያጋጥምዎ ሁልጊዜ የሥሩንና የጣሪያውን መጠን አብረው ያንብቡ፤ ታክሱ በታሪፉ ቁጥር ውስጥ ይኑር ወይም ከላይ ይታከል እንደሆነም ከሰነዱ ግርጌ ይፈልጉ።

የስልክ መልእክት ክፍያው 3.45 በወሩ ውስጥ ሁለት ጊዜ ይታያል፤ አንዱ በ1ኛው ቀን፣ ሌላው በ30ኛው ቀን። ይህ ድግግሞሽ ይመስላል። ከመከራከርዎ በፊት ግን ከመስመሩ ጎን ያለውን ማብራሪያ ያንብቡ። የመጀመሪያው ያለፈው ወር ክፍያ ሆኖ ዘግይቶ የተመዘገበ ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው ያለፈውን ወር መግለጫ መመልከት ነው፤ በዚያ ወር ካልተቆረጠ የዚህ ወር ሁለቱ መስመሮች ትክክል ናቸው። በዚህ ምሳሌ አልተቆረጠም ነበር።

በ25ኛው ቀን ግን እውነተኛ ስህተት አለ። ከሌላ ባንክ ኤቲኤም 2,000 ሊወጣ ተሞክሮ ማሽኑ ገንዘቡን አልሰጠም። 2,000ው ወጪ ሆኖ በዚያው ቀን ተመልሷል። የአገልግሎት ክፍያው 5.75 ግን አልተመለሰም። ዋናውን ገንዘብ የሚመልሰው ሥርዓት ክፍያውን ሁልጊዜ አብሮ ላይመልስ ስለሚችል፣ ተመላሽ የሆነ ገንዘብ ባዩ ቁጥር ተመላሽ የሆነ ክፍያም መኖሩን ይፈልጉ። ከሌላው ሁሉ አስቀድሞ የምመክረው ፍተሻ ይህ ነው፤ ሰው ዋናው ገንዘብ ሲመለስለት ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋልና።

ወለዱን ራስዎ ያስሉት

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው የወለድ ደንብ እንዲህ ይላል፦ በዓመት 7 በመቶ፣ በየቀኑ መዝጊያ ቀሪ ላይ የሚታሰብ፣ ዓመቱ 365 ቀን ተብሎ የሚቆጠር፣ በወሩ መጨረሻ የሚከፈል፤ ከወለዱም 5 በመቶ ግብር የሚቀነስ። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካልታወቀ ስሌቱ አይገጥምም። ታሪፉ ላይ የማይገኘውን በውሉ ውስጥ ይፈልጉ፤ እዚያም ከሌለ ቅርንጫፉን በጽሑፍ ይጠይቁ።

በ1ኛው ቀን መዝጊያ ቀሪው 24,000 ነው። በ11ኛው ቀን የ12,000 ቼክ ገቢ ተደርጓል። በ21ኛው ቀን 6,000 ወጥቷል። ጥቃቅኖቹን ክፍያዎች እንተዋቸው፤ በአንድ ወር ወለድ ላይ የሚያመጡት ለውጥ ከጥቂት ሳንቲም አይበልጥም።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። መግለጫው ሁለት የቀን ዓምዶች ሊኖሩት ይችላል፤ አንዱ ገንዘቡ የተመዘገበበት ቀን፣ ሌላው ቫሊዩ ዴት የሚባለው፣ ገንዘቡ ወለድ መያዝ የሚጀምርበት ቀን። ቼክ ገንዘቡ ከሌላው ባንክ እስኪሰበሰብ ድረስ ወለድ አይታሰብበትም። በዚህ መግለጫ ቼኩ በ11ኛው ቀን ቢመዘገብም ቫሊዩ ዴቱ 13ኛው ቀን ነው። ስለዚህ ቀኖቹ በሦስት ይከፈላሉ፤ ቀሪው በየክፍሉ በቀኖቹ ብዛት ይባዛል፦

```
24,000 × 12 ቀን = 288,000
36,000 ×  8 ቀን = 288,000
30,000 × 10 ቀን = 300,000
ድምር           = 876,000
876,000 × 0.07 ÷ 365 = 168.00
```

ያልተጣራው ወለድ 168.00 ነው። 5 በመቶ ግብሩ 8.40 ሲቀነስ ወደ ሒሳቡ መግባት ያለበት 159.60 ይሆናል። የወለድ መጠኑ በወሩ መካከል ተለውጦ ቢሆን ኖሮ ድምሩን በለውጡ ቀን ከሁለት ከፍሎ እያንዳንዱን በራሱ መጠን ማባዛት ያስፈልግ ነበር።

ቁጥሩ ካልገጠመ

መግለጫው ላይ የተጻፈው የወለድ ገቢ ግን 133.00 ነው። ልዩነት ሲያዩ ወዲያው ወደ ባንኩ አይሂዱ። ልዩነቱ ብዙ ጊዜ ከየት እንደመጣ በራሱ ይናገራል።

በመጀመሪያ ግብሩን ያንሱ። ወደ ሒሳቡ የገባው የተጣራው ስለሆነ 133ን ለ0.95 ያካፍሉ፤ 140.00 ይመጣል። አሁን የሚነጻጸሩት ሁለት ያልተጣሩ ወለዶች ናቸው፤ የእርስዎ 168፣ የባንኩ 140።

ቀጥሎ የተለመዱትን ምክንያቶች አንድ በአንድ ይሞክሩ። ቼኩን ከ13ኛው ቀን ሳይሆን ከ11ኛው ቢቆጥሩት ኖሮ ስሌትዎ 172.60 ይደርስ ነበር፤ የ4.60 ልዩነቱም የ12,000 የሁለት ቀን ወለድ ነው። ዓመቱ 360 ቀን ተብሎ ቢቆጠር 170.33 ይመጣ ነበር። ሁለቱም ወለዱን ከፍ ያደርጉታል እንጂ ወደ 140 አያወርዱትም። ሦስተኛው ምክንያት፣ ባንኩ በየቀኑ ቀሪ ሳይሆን በወሩ ዝቅተኛ ቀሪ ላይ አስቦ ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። የወሩ ዝቅተኛ ቀሪ 24,000 ነው። በ7 በመቶ የዓመት ወለዱ 1,680፣ ለ12 ወር ሲካፈል 140.00። በትክክል ገጠመ።

ይህ ሲገኝ ጥያቄው ይለወጣል። የባንኩ ማሽን መደመር አላቃተውም፤ ሒሳቡን በሌላ ደንብ ነው ያሰላው። በመግለጫው አናት ላይ ያለው ስም መደበኛ የቁጠባ ሒሳብ ከሆነና ታሪፉም ለዚህ ዓይነት የሚያስበው በዝቅተኛ ቀሪ ከሆነ ባንኩ አልተሳሳተም፤ ያሰቡበት ደንብ የሌላ ሒሳብ ነበር። በእኛ ምሳሌ ግን የተፈረመው ውል በየቀኑ ቀሪ ወለድ የሚታሰብበትን ሒሳብ ይናገራል፤ መግለጫው ደግሞ መደበኛ ቁጠባ ይላል። ሒሳቡ ሲከፈት በሌላ የሒሳብ ዓይነት ተመዝግቧል ማለት ነው። ይህ የአንድ ወር ስህተት አይደለም፤ እስኪታረም ድረስ ቀሪው ከፍና ዝቅ በሚልበት ወር ሁሉ ይደገማል።

በዚህ ዘዴ የማይፈተሹ ነገሮችም አሉ። በውጭ ገንዘብ በካርድ የተከፈለ ሒሳብ የተመነዘረበት ዋጋ በታሪፉ ላይ አይገኝም፤ ታሪፉ የሚናገረው በላዩ ስለሚታከለው መቶኛ ብቻ ነው። ሌላ ባንክ በመካከል የሚቆርጠው ክፍያም እንዲሁ የእርስዎ ባንክ ታሪፍ ውስጥ አይደለም። ለእነዚህ ባንኩን የግብይቱን ዝርዝር ይጠይቁት።

ለባንኩ ሲጽፉ

በቃል የቀረበ ቅሬታ በቃል ይቀራል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ለእያንዳንዱ ስህተት ቀኑን፣ የግብይት ቁጥሩን፣ የተቆረጠውን ወይም የተከፈለውን፣ መሆን የነበረበትንና የታሪፉን ገጽና ተራ ቁጥር ይያዝ። «ወለዴ አንሷል» ከማለት ይልቅ እንዲህ ይጻፉ፦

«ያልተጣራ ወለድ 168.00 መሆን ሲገባው በዝቅተኛ ቀሪ ታስቦ 140.00 ተከፍሏል። ውሉ በየቀኑ ቀሪ እንዲታሰብ ይላል። የወለድ ስሌቱ ዝርዝር እንዲሰጠኝ፣ የሒሳቡ ዓይነት እንዲስተካከልና ሒሳቡ ከተከፈተበት ቀን ጀምሮ ያለው ልዩነት እንዲከፈለኝ እጠይቃለሁ። በ25ኛው ቀን ላልተሳካ የኤቲኤም ወጪ የተቆረጠው 5.75ም ይመለስልኝ።»

የተቀባይ ፊርማና ቀን ያለበት ቅጂ ይያዙ። ውሉ በመግለጫ ላይ ተቃውሞ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ ሊወስን ስለሚችል፣ ያንን ገደብ አይተው ሳያልፍ ያስገቡ።

እርማቱ ሲመጣ በሚቀጥለው መግለጫ ላይ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ሆኖ መታየት አለበት። የዚህ ወር የወለድ ልዩነት 28 ቢሆንም ግብሩ 1.40 ተቀንሶ 26.60 ሆኖ ይገባል። የኤቲኤሙ ክፍያ ግን ገቢ ሳይሆን የራስዎ ገንዘብ ተመላሽ ስለሆነ ሙሉው 5.75 ይመለሳል፤ 5 ብቻ ከተመለሰ ታክሱ ቀርቷል ማለት ነው።