የእርግዝና ሆርሞን በ48 ሰዓት ስንት መጨመር አለበት? ሁለት ውጤቶችን አወዳድሮ እንዴት እንደሚነበብ

እጅዎ ላይ ሁለት የላቦራቶሪ ወረቀት አለ እንበል። አንደኛው 420 ይላል፣ ሁለተኛው 700። ሁለቱም ላይ የእርግዝናው ሆርሞን ስም፣ β-hCG፣ ተጽፏል። "በሁለት ቀን እጥፍ መሆን አለበት" ሲባል ሰምተዋል። የ420 እጥፍ ደግሞ 840 ነው። 140 ጎደለ ማለት ነው።

እኔ የምሠራው ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ውጤታቸውን ተቀብለው እዚያው ቆመው በስልካቸው የሚያሰሉ እናቶችን በየጊዜው አያለሁ። ፊታቸው ሲለወጥም አያለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያስደነግጣቸው ግን ቁጥሩ ሳይሆን የሚያወዳድሩበት መስፈርት ነው። ስለዚህ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ይዘን ስሌቱን አብረን እንሥራ።

ደም ከመሰጠቱ በፊት

ይህን ሆርሞን የሚያመርቱት በኋላ የእንግዴ ልጅ የሚሆኑት ሴሎች ናቸው። ጽንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ በኋላ ሴሎቹ በፍጥነት ይባዛሉ፣ ሆርሞኑም አብሮ ያድጋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ነጠላ ቁጥር ብቻውን ብዙ አይናገርም። አንዷ በአምስተኛው ሳምንት 400 ይኖራታል፣ ሌላዋ በዚያው ሳምንት 4,000፣ ሁለቱም ጤነኛ ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። የሚናገረው በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ጉዞ ነው።

ጉዞውን ለመለካት ደግሞ ሁለቱም ምርመራ እዚያው ላቦራቶሪ መሠራት አለበት። የተለያዩ ማሽኖች ለአንድ ደም የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ። ሰኞ አንድ ቦታ፣ ረቡዕ ሌላ ቦታ ከተሠራ፣ ያዩት ጭማሪ የእርግዝናው ይሁን የማሽኑ መለየት ይቸግራል።

ደሙ የተወሰደበትን ሰዓት ይጻፉ። ውጤቱ የደረሰበትን አይደለም፣ መርፌው የገባበትን። ለምን እንደምጨቀጭቅዎ ትንሽ ቆይቶ ይገባዎታል።

ለጸጉርና ለጥፍር ተብሎ የሚሸጠውን ባዮቲን በብዛት የሚወስዱ ከሆነ ቀድመው ይናገሩ። በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቁጥሩን ከእውነተኛው በታች ያሳያል። ለእንቁላል መልቀቂያ የሆርሞን መርፌ የተወጋች ሴትም መናገር አለባት፤ መርፌው ራሱ ይሄው ሆርሞን ሊሆን ስለሚችል እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል።

"ለምን ነገ አልደግመውም? 48 ሰዓት መጠበቅ አልችልም" የሚሉኝ አሉ። ጭንቀቱ ይገባኛል። ግን እያንዳንዱ መለኪያ ጥቂት በመቶ ወደላይ ወይም ወደታች ይዋዥቃል። በአንድ ቀን ውስጥ የሚመጣው ለውጥ ትንሽ ስለሆነ ከዚህ መዋዠቅ ጋር ይደባለቃል። በሁለት ቀን ግን ለውጡ ጎልቶ ይወጣል።

መቶኛውን ማውጣት

ከሁለተኛው ቁጥር የመጀመሪያውን ይቀንሱ። የተገኘውን ለመጀመሪያው ያካፍሉ። በመቶ ያባዙ።

```
(700 - 420) / 420 × 100 = 66.7
```

ጭማሪው 67 በመቶ ገደማ ነው። አንዳንዱ በስህተት ለሁለተኛው ቁጥር ያካፍልና 40 በመቶ ያገኛል፣ ከዚያ ሳያስፈልግ ይደነግጣል። ማካፈል ሁልጊዜ ለመነሻው ነው።

ሰዓቱን ማስተካከል

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው። ወረቀቶቹን ገልበጥ አድርገን ሰዓቱን እንይ። የመጀመሪያው ደም የተወሰደው ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ሁለተኛው ረቡዕ ከሰዓት 9 ሰዓት። ይህ 48 ሰዓት አይደለም፣ 54 ሰዓት ነው። ስድስት ሰዓት ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ሆርሞኑ በዚያም ጊዜ እያደገ ነበር።

ወደ 48 ሰዓት ለመመለስ በቀጥታ ማካፈል አይሠራም፤ እድገቱ የሚባዛ እንጂ የሚደመር ስላልሆነ። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍለው፣ 48ን ለትክክለኛው ሰዓት ሲያካፍሉ በሚያገኙት ቁጥር ከፍ ያደርጉታል። የስልክ ካልኩሌተር ወደጎን ሲዞር የሚመጣው `x^y` የሚለው ቁልፍ ይህን ይሠራል።

```
(700 / 420) ^ (48 / 54) = 1.575
```

ከ1 በላይ ያለው ጭማሪው ነው። ስለዚህ በ48 ሰዓት የጨመረው 57 በመቶ ገደማ ነው፣ 67 አይደለም። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ቀጥለን የምናየው የዝቅተኛ ጭማሪ መስመር አጠገብ ላለች ሴት ከወዲህ ወደ ወዲያ ሊያሻግራት ይችላል።

ከየትኛው መስመር ጋር ይወዳደራል?

"እጥፍ መሆን አለበት" የሚለው አባባል አማካዩን ከዝቅተኛው ጋር ያምታታል። ብዙ ጤነኛ እርግዝናዎች መጀመሪያ አካባቢ በ48 ሰዓት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናሉ። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፤ ጤነኛ እርግዝና ቢዘገይ ቢዘገይ እስከ ስንት ይዘገያል?

በ1981 የታተመ ጥናት መስመሩን 66 በመቶ ላይ አስቀመጠ፣ ቁጥሩም ለብዙ ዓመት ሲሠራበት ኖረ። ችግሩ፣ መስመሩ የተሰላበት መንገድ 15 በመቶ ገደማ የሚሆኑ ጤነኛ እርግዝናዎችን ከመስመሩ በታች የሚጥል መሆኑ ነው። የሚፈለግ ልጅ እንዲህ ባለ መስመር መዳኘት የለበትም።

የአሜሪካ የማህፀንና ጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2018 ባወጣው መመሪያ መስመሩ ዝቅ ብሏል፤ በመነሻው ቁጥርም ይለያያል። መነሻው ከ1,500 በታች ከሆነ በ48 ሰዓት ቢያንስ 49 በመቶ ይጠበቃል። ከ1,500 እስከ 3,000 ከሆነ 40 በመቶ። ከ3,000 በላይ ከሆነ 33 በመቶ ይበቃል። ሆርሞኑ ከፍ እያለ ሲሄድ ፍጥነቱ በተፈጥሮው ስለሚበርድ ነው። ከስምንተኛው እስከ አስራ አንደኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ይወርዳል። ስለዚህ በዘጠነኛው ሳምንት "አልጨመረም" ብሎ መጨነቅ ትርጉም የለውም።

የእኛ መነሻ 420 ነው፣ ጭማሪው 57። ከ49 በላይ ነው። አልፏል፣ ግን ለጥቂት። የእንግሊዝ መመሪያ ደግሞ ከ63 በመቶ በላይ ሲሆን ነው እርግዝናው በማህፀን ውስጥ እየቀጠለ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው የሚለው። በዚያ መስፈርት 57 ገና ክትትል የሚሻ ቁጥር ነው። ሁለቱ መመሪያዎች አይጣሉም። አንዱ "ይህ አያዋጣም ለማለት አትቸኩሉ" ይላል፣ ሌላው "ደህና ነው ብላችሁ አትተዉ"። በእኔ አስተያየት ለእንዲህ ዓይነት ቁጥር ትክክለኛው መልስ አንድ ነው፦ ሦስተኛ ምርመራ።

ሲቀንስ ወይም ሲንፏቀቅ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ከወረደ እርግዝናው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ አይቀጥልም ማለት ነው። ይህን ከስልክ ማስያ ሳይሆን ከሐኪም መስማት ይሻላል። ግን አወራረዱም ይለካል። ጽንስ ሲጨናገፍ ሆርሞኑ በ48 ሰዓት ቢያንስ ከ21 እስከ 35 በመቶ ይቀንሳል፤ መነሻው ከፍ ባለ መጠን የሚጠበቀው ቅናሽም ይጨምራል። ከዚህ ቀስ ብሎ ከወረደ፣ ወይም እንደ 900፣ 1,080፣ 1,200 እየተንፏቀቀ ከወጣ፣ የሆነ ቦታ ላይ ሴሎቹ ገና እየሠሩ ነው። ያ ቦታ የማህፀን ቱቦ ሊሆን ይችላል። ከማህፀን ውጭ እርግዝና የሚጠረጠረው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን ቆም ብላችሁ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ። ጥሩ ጭማሪ ከማህፀን ውጭ እርግዝና የለም ማለት አይደለም። ከማህፀን ውጭ ካረገዙ ሴቶች ከአምስቱ አንዷ ገደማ ቁጥሯ ልክ እንደ ጤነኛ እርግዝና ይጨምራል። ሆርሞኑ ስንት እንደሆነ እንጂ የት እንደሚመረት ደሙ አይናገርም። ስለዚህ በአንድ ወገን የሆድ ሕመም፣ ትከሻ ጫፍ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ራስን መሳት ወይም ብዙ ደም መፍሰስ ካለ ቀጣዩን 48 ሰዓት አይጠብቁም። ወረቀቱ 80 በመቶም ይበል 20፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ደሙ የሚያበቃበት

ወደ 420 እና 700 እንመለስ። ሴትየዋ ሕመም የላትም፣ ደምም አልፈሰሳትም። ዓርብ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ ልክ በ48ኛው ሰዓት፣ እዚያው ላቦራቶሪ ሦስተኛ ደም ሰጠች። ውጤቱ 1,180።

```
(1180 - 700) / 700 × 100 = 68.6
```

አሁን ፍጥነቱ ጨምሯል፤ ሁለቱንም መስመር አልፏል። ሐኪሟ አራተኛ ደም አላዘዘም። አልትራሳውንድ በማግስቱ ይነሳ ብሎም አልቸኮለም። በ1,180 ማህፀን ባዶ ቢታይ ምንም አያስረዳም፤ ጽንሱ ገና ለዓይን ያልደረሰ ሊሆን ይችላል። የጽንስ ከረጢት ብዙ ጊዜ ከ1,500 እስከ 2,000 አካባቢ መታየት ይጀምራል። "መታየት ነበረበት" ተብሎ የሚያዘው ጥብቁ መስመር ግን 3,500 ነው። ሕመም ቢኖራት ኖሮ ቁጥሩ ስንትም ቢሆን አልትራሳውንዱ በዚያው ቀን ይነሳ ነበር።

በሳምንቱ ዓርብ በብልት በኩል በሚገባው አልትራሳውንድ ታየች። ማህፀኗ ውስጥ ክብ ጥቁር ከረጢት አለ፣ ከረጢቱ ውስጥ ደግሞ እንደ ትንሽ ቀለበት የሚታይ የአስኳል ከረጢት። እርግዝናው ማህፀን ውስጥ መሆኑን የሚያረጋግጠው ይህ ቀለበት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ የልብ ምት የሚፈለገው በአልትራሳውንድ ነው፤ ለሆርሞን ሲባል ክንዷ ላይ መርፌ አይገባም።