የሞተ የቤተሰብ አባል ፌስቡክና ጂሜይል ሲዘጋ ብዙ ሰው የሚሳሳታቸው ነገሮች

ሲም ካርዱን ቀድሞ ማዘጋት። ለቅሶው ገና ሳያልቅ አንዱ ልጅ ቁጥሩን ያዘጋል፣ ሌላው ስልኩን አጥፍቶ ለዘመድ ይሰጣል። እባካችሁ ሁሉም ነገር እስኪያልቅ አቆዩት! ቴሌግራም የሚገባው በዛ ቁጥር በሚመጣ ኮድ ነው፣ ቁጥሩ ደግሞ ቆይቶ ለማታውቁት ሰው ሊሸጥ ይችላል፣ ያ ሰው ኮድ ሲያስልክ የሟች አካውንት ላይ ሊገባ ይችላል ማለት ነው።

ፌስቡክ ላይ ቸኩሎ ሪፖርት ማድረግ። ሁለት የተለያየ ነገር አለ፣ አካውንቱን መታሰቢያ ማድረግና ጭራሽ ማጥፋት። መታሰቢያ ሲሆን ከስሙ በላይ Remembering የሚል ይወጣል፣ ከዛ በኋላ ፓስዎርዱን የሚያውቅም ቢሆን መግባት አይችልም። ሟች ለሱቃቸው የከፈቱት ፔጅ ካለና አድሚኑ እሳቸው ብቻ ከሆኑ ፔጁም አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይሄን የሚያውቀው ካለቀ በኋላ ነው። ማጥፋት ከመረጣችሁም ፎቶዎቹን ቀድማችሁ ከራሳችሁ አካውንት ሆናችሁ ሴቭ አድርጉ፣ ከጠፋ አይመለስም።

ስምና የትውልድ ቀን የማይገጥም ወረቀት መላክ። እኛ ሀገር ዋናው ጣጣ እዚህ ጋ ነው። ፌስቡክ በዋናነት የሚፈልገው የሞት ምስክር ወረቀት ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ስምና ቀን ደግሞ አካውንቱ ላይ ካለው ጋር መግጠም አለበት። ለምሳሌ እናት የተወለዱት ጥር 12 ቀን 1950 ዓ.ም. ነው እንበል፣ በፈረንጆች ጃንዋሪ 20 1958 ማለት ነው፣ አካውንቱን የከፈተላቸው ልጅ ግን ዝም ብሎ 1950 ብሎ ሞልቶታል፣ ስማቸውንም ሰፈር በሚጠሩበት አድርጎታል። ወረቀቱን የሚያየው ሰው ሌላ ሰው ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ ሙሉ ስማቸው ያለበት መታወቂያ ወይ ፓስፖርት ጨምሩና ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ ባጭሩ ጻፉላቸው። የሞት ምስክር ወረቀቱን ለማውጣት ወረዳ ሄዳችሁ ስትመዘገቡም የስሙን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ አስደርጉት፣ በኋላ ማስተካከል አድካሚ ነው።

በድሮ ውክልና መተማመን። "እማዬ ውክልና ሰጥታኝ ነበር" የሚል ብዙ ነው፣ ግን በኛ ህግ ውክልና ወካዩ ሲሞት ያበቃል። ወራሽ መሆናችሁን የሚያሳየው ከፍርድ ቤት የሚወጣው የወራሽነት ማረጋገጫ ነው።

ጎግል ላይ አማርኛውን ወረቀት ብቻ ማስገባት። ጎግል የጠያቂውን መታወቂያ ስካንና የሞት ምስክር ወረቀቱን ይጠይቃል፣ ወረቀቱ እንግሊዝኛ ካልሆነ ደግሞ በህጋዊ ተርጓሚ ተተርጉሞ በኖተሪ የተረጋገጠ ኮፒ ይፈልጋል። ፓስዎርድ ግን ምንም ብታቀርቡ አይሰጡም። ጂሜይሉ ውስጥ ያለውን የምትፈልጉ ከሆነ ፎርሙ ላይ አካውንቱ ይዘጋልኝ የሚለውን ከመምረጣችሁ በፊት ዳታ የሚጠየቅበትን ሙሉ፣ እሱ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ሊያስጠይቅ ስለሚችል ጊዜ ይወስዳል።