ማይክሮዌቭ የምግቡን ቫይታሚን ያጠፋል? በአዮዲን ጠብታ እንዴት ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ

«በማይክሮዌቭ የሞቀ ምግብ ጨረር አለበት» ሲባል ስሰማ፣ ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው እላለሁ። በአማርኛ የፀሐይም፣ የአምፖልም፣ የራጅ መሣሪያም ጨረር አንድ ስም አላቸው። ፀሐይ የመታውን ልብስ ግን «ጨረር ያዘው» ብሎ የሚጥል ሰው የለም። ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ጉልበታቸው እጅግ ይለያያል።

ምግብ ሬዲዮአክቲቭ እንዲሆን የአቶሙ አስኳል መለወጥ አለበት። ማይክሮዌቭ ምድጃ የሚልከው ሞገድ በሰከንድ 2.45 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ ይወዛወዛል፤ ቁጥሩ ትልቅ ቢመስልም የእያንዳንዷ የሞገዱ ቅንጣት ጉልበት ግን ትንሽ ነው። የተራ አምፖል ብርሃን ቅንጣት እንኳ ከእርሷ ወደ 200 ሺህ ጊዜ ትበልጣለች። ከሁሉም በቀላሉ የሚሰበረውን አስኳል እንኳ ለመንካት ደግሞ ከመቶ ቢሊዮን ጊዜ በላይ የሚበልጥ ጉልበት ያላት ቅንጣት ታስፈልጋለች። ምድጃው ብዙ ሞገድ ስለሚረጭ ይህ ይቀየራል ማለት አይደለም። ሺህ አጭር ሰዎች ጎን ለጎን ቢቆሙ ከፍ ያለው መደርደሪያ ላይ የሚደርስ እጅ አይገኝም። ሞገዱ የሚችለው የውሃ ሞለኪውሎችን ወዲያና ወዲህ ማወዛወዝ ነው፤ ሲወዛወዙ ይፋጫሉ፣ ሲፋጩ ይሞቃሉ። ምድጃው ሲጠፋ ሞገዱ ከሰከንድ ሚሊዮንኛ ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ሳህኑ ላይ የሚቀረው ሙቀት ብቻ ነው።

ስለ ጨረሩ የምለው ይህን ያህል ነው። የቫይታሚኑ ጥያቄ ግን የተሻለ ጥያቄ ነው፤ ምክንያቱም ማብሰል ቫይታሚን ይቀንሳል። በምን ይቀንሳል የሚለውን ኩሽናችሁ ውስጥ መፈተሽ ይቻላል።

ቫይታሚን ሲ በሁለት መንገድ ይጠፋል። አንደኛው ሙቀት፣ አየርና ጊዜ ተባብረው ሲያፈርሱት ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ጊዜ የሚረሳው፣ ከአትክልቱ ወጥቶ ወደ ማብሰያው ውሃ መግባቱ ነው። ውሃው ሲደፋ ቫይታሚኑም አብሮ ይደፋል። የዚህ ሙከራ ዓላማ ይህን ሁለተኛውን መንገድ ማየት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

300 ግራም ብሮኮሊ፣ የበቆሎ ስታርች፣ ከፋርማሲ የሚገዛ የቁስል አዮዲን፣ ጠብታ መቁጠሪያ፣ ሁለት ትናንሽ ብርጭቆዎችና ቴርሞሜትር። አዮዲን የነካው ነገር አይጠጣም፣ አይቀመስም። ብርጭቆዎቹን ለሙከራው ብቻ ለዩዋቸው፤ ልብስ ላይ ከፈሰሰ እድፉ በቀላሉ አይለቅም።

1. የምድጃችሁን እውነተኛ ጉልበት እወቁ

በራፉ ላይ የተጻፈው ዋትና ውሃው ውስጥ የሚገባው ጉልበት አንድ ላይሆን ይችላል፤ በተለይ ምድጃው ካረጀ። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማይክሮዌቭ በሚሆን ዕቃ ጨምሩና ሙቀቱን ለኩ። በሙሉ ጉልበት ልክ 2 ደቂቃ አሙቁት፣ አማስሉ፣ ወዲያው እንደገና ለኩ። ልዩነቱን በ35 ብታባዙት ዋቱን በግምት ታገኛላችሁ። ውሃው ከ18 ወደ 38 ዲግሪ ከወጣ ልዩነቱ 20 ነው፤ ምድጃው 700 ዋት ይሰጣል ማለት ነው። የምግብ አሠራር ላይ የሚጻፉ ደቂቃዎች የሚሳሳቱት ይህ ስለማይታወቅ ነው፤ ከሚያስፈልገው በላይ የቆየ አትክልት ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ ቫይታሚን ያጣል።

2. ብሮኮሊውን ለሁለት ከፍላችሁ አብስሉ

ብሮኮሊውን በተቀራራቢ መጠን ቆራርጡና ለሁለት እኩል፣ 150 ግራም 150 ግራም አድርጉት። መጠኑ ከተለያየ ትንንሹ ቁራጭ ሲላላ ትልቁ ገና ጥሬ ይሆናል።

የመጀመሪያውን ክፍል በሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ (45 ሚሊ ሊትር ገደማ) ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጉ፤ ክዳን ግጠሙበት፣ ግን እንፋሎት የሚወጣበት ትንሽ ክፍተት ተዉ። በ700 ዋት 2 ደቂቃ ተኩል አብስሉ፤ ምድጃችሁ 900 ዋት ከሆነ 2 ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ ክዳኑን ሳትከፍቱ አንድ ደቂቃ አሳርፉት። ማሳረፉ ለማስመሰል አይደለም፤ ሞገዱ የሚዘልቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ከዚያ በላይ ያለው ውስጠኛ ክፍል የሚበስለው ሙቀቱ እየተላለፈ ሲደርሰው ነው። ክዳኑን ስታነሱ እንፋሎቱ እጅ ያቃጥላል፤ ከእናንተ በሚርቀው በኩል ክፈቱት።

ሁለተኛውን ክፍል አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራችሁ በድስት 6 ደቂቃ ቀቅሉት። ሁለቱንም ውሃ አትድፉ። እያንዳንዱን አጥልላችሁ መጠኑን ለኩና ጻፉት።

3. ሰማያዊውን መፈተሻ አዘጋጁ

አንድ የሻይ ማንኪያ ስታርች በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጣችሁ አፍሉት፤ ሲቀዘቅዝ ከእሱ ሁለት የሻይ ማንኪያ ወስዳችሁ ግማሽ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጨምሩ። ሁለት ጠብታ አዮዲን አድርጉበት፤ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙ ከደበዘዘባችሁ አንድ ጠብታ ጨምሩ። ቫይታሚን ሲ ከአዮዲኑ ጋር ሲገናኝ ቀለሙን ያጠፋዋል፤ ስለዚህ ቀለሙን ለማጥፋት ጥቂት ጠብታ የበቃው ውሃ በቫይታሚን የበለጸገ ነው ማለት ነው።

እዚህ ላይ እኔ የተሳሳትኩበትን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስሞክረው የማብሰያውን ውሃ ትኩስ እንዳለ ጠብ አደረግኩበት፣ ሰማያዊው ቶሎ ደበዘዘ፤ «ቫይታሚን ሞልቶታል» ብዬ ደስ አለኝ። ኋላ ተራ ሙቅ ውሃ ጨመርኩና እሱም አደበዘዘው። የስታርችና የአዮዲን ሰማያዊ ቀለም በሙቀት ይጠፋል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱም ውሃዎች በሚገባ እስኪቀዘቅዙ ጠብቁ። ክዳን ግጠሙባቸው፤ ክፍት ሆነው ከቆዩ አየሩ ራሱ ቫይታሚኑን ይበላዋል።

4. ጠብታ ቁጠሩ

በሁለቱ ትናንሽ ብርጭቆዎች እያንዳንዳቸው አንድ የሻይ ማንኪያ ሰማያዊ ፈሳሽ አድርጉ። በአንደኛው የድስቱን ውሃ፣ በሌላው የሳህኑን ውሃ አንድ በአንድ እያንጠባጠባችሁና እያማሰላችሁ ሰማያዊው እስኪጠፋ ቁጠሩ። ነጭ ወረቀት ከሥር ብታነጥፉ ለውጡ በደንብ ይታያል። ውሃው ራሱ አረንጓዴ ሊል ስለሚችል የምትፈልጉት የሰማያዊውን መጥፋት እንጂ ሙሉ ጥራትን አይደለም።

5. ውጤቱን አንብቡ፤ እዚህ ወጥመድ አለ

ለምሳሌ ያህል የሳህኑ ውሃ በ6 ጠብታ፣ የድስቱ በ30 ጠብታ ቀለሙን አጠፋው እንበል። የችኮላ ንባቡ «የማይክሮዌቩ ውሃ አምስት እጥፍ ቫይታሚን አለበት፤ እንግዲህ ማይክሮዌቩ ነው ከአትክልቱ የበለጠ ያወጣው» የሚል ነው። አይደለም። አምስት እጥፍ የሆነው ክምችቱ እንጂ ጠቅላላው አይደለም። ቀደም ብላችሁ የለካችሁትን መጠን አሁን አምጡት፤ የድስቱ ውሃ 900 ሚሊ ሊትር፣ የሳህኑ 30 ሚሊ ሊትር ከሆነ የድስቱ 30 እጥፍ ይበልጣል። 30ን ለ5 ስታካፍሉ 6 ነው። ከድስቱ አትክልት ወደ ውሃ የወጣው ቫይታሚን ስድስት እጥፍ ነው ማለት ነው። በእናንተ ምድጃ ቁጥሮቹ ሌላ ይሆናሉ፤ ስሌቱ ግን ይኸው ነው።

በዚያ ላይ የሳህኑን 30 ሚሊ ሊትር አትክልቱ ላይ አፍስሶ መብላት ይቻላል፤ ለሙከራ ያልነካችሁትን ማለቴ ነው።

ሙከራው የማያሳየውን ደግሞ መካድ አይገባም። በሙቀት ፈርሶ የጠፋው ቫይታሚን ውሃው ውስጥ የለምና አይቆጠርም። ከቫይታሚን ሲ ሌላ አዮዲንን የሚያጠፉ ነገሮችም አትክልት ውስጥ አሉ። ስለዚህ ሚሊ ግራም ለመናገር አይበቃም፤ ሁለት አበሳሰሎችን ለማወዳደር ብቻ ነው። የሚፈርሰውን በተመለከተ ዋናው ነገር የቆይታ ጊዜ ነው፤ 2 ደቂቃ ተኩል ከ6 ደቂቃ ያንሳል። ምድጃው የሚያደርሰው ሙቀት ራሱ ከድስቱ ሙቀት በባሕርይ የተለየ አይደለም።

6. ማይክሮዌቩን ሆን ብላችሁ አሸንፉት

ሰዎችን ያስደነገጠ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2003 የስፔን ተመራማሪዎች የብሮኮሊን አበሳሰሎች ሲያወዳድሩ፣ በማይክሮዌቭ የበሰለው ፍላቮኖይድ ከሚባሉት ንጥረ ነገሮች 97 በመቶውን ሲያጣ በእንፋሎት የበሰለው ያጣው 11 በመቶ ብቻ ሆነ። ይህ ቁጥር «ማይክሮዌቭ ይገድላል» ለሚለው ማስረጃ ሆኖ ብዙ ተወራ። ያልተወራው በማይክሮዌቭ ያበሰሉት ብዙ ውሃ ጨምረውበት መሆኑ ነው። በእንፋሎት የበሰለው ግን ውሃ ውስጥ አልተነከረም።

እናንተም ሦስተኛ 150 ግራም ብሮኮሊ ውሰዱና 150 ሚሊ ሊትር ውሃ አድርጉበት፤ በዚያው ምድጃ 5 ደቂቃ አቆዩት፣ አቀዝቅዙት፣ ጠብታውን ቁጠሩ፣ በውሃው መጠን አስሉት። ከመጀመሪያው ሳህን ጋር ስታወዳድሩት ምድጃው ያው ነው፣ ሞገዱም ያው ነው፤ የተለወጠው ውሃውና ደቂቃው ነው።