አሮጌው ራውተር ለጓሮው ክፍል

ደሴ ያለው ቤታችን ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ ነው። ዋይፋዩ ጓሮ ያለው ሰርቪስ ቤት አይደርስም ነበር። እህቴ እዚያ ነው የምታጠናው፤ አሮጌውን ራውተር አወጣሁላት።

መጀመሪያ ከላፕቶፕ ጋር ብቻ በኬብል አገናኘሁት። አድራሻውን 192.168.1.2 አደረግኩት፤ 192.168.1.1 የዋናው ራውተር ነው፣ ያው ቢሆን ይጋጫሉ። ዋናው ለስልኮች የሚያድለው አድራሻ የመጨረሻ ቁጥሩ ከ100 ጀምሮ ስለሆነ 2 ነፃ ናት።

ከዚያ የአሮጌውን DHCP፣ ማለትም ለስልኮች አድራሻ የሚያድለውን ሥራ፣ አጠፋሁ። ወሳኙ ይሄ ነው። ካልጠፋ አንዳንዱ ስልክ አድራሻ ከአሮጌው ይወስድና ዋይፋይ እያለው ኢንተርኔት ያጣል። ስልኩ ላይ Gateway፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት የሚወጣበት አድራሻ፣ 192.168.1.2 ካለ ችግሩ እሱ ነው፤ 192.168.1.1 መሆን አለበት።

በመጨረሻ ኬብሉን ከዋናው ራውተር LAN ከሚለው ቀዳዳ ወደ አሮጌው LAN ቀዳዳ ሰካሁ። አሮጌው ላይ WAN የሚለው ባዶ ይቀራል። አሁን ሰርቪስ ቤቱ በሩ ተዘግቶም ቪዲዮ አይቆራረጥም።