አርኤስአይ ከ70 በላይ ሲሰነብት የሚሠሩ ስህተቶች

በጠንካራ ሽቅብ የዋጋ ጉዞ ውስጥ አርኤስአይ፣ የዋጋ ጭማሪንና ቅናሽን አነጻጽሮ ከ0 እስከ 100 ባለ ቁጥር የሚያሳየው ኢንዲኬተር፣ ለሳምንታት ከ70 መስመር በላይ ሊቆይ ይችላል። ኢንዲኬተሩ አልተበላሸም፤ ስሌቱ ራሱ እንዲህ ያደርገዋል። ብዙ ትሬደር ገንዘብ የሚያጣው ግን እዚህ ጋ ነው።

ስህተት 1፦ 70ን “ተወዷል” ብሎ ማንበብ

ከ70 በላይ ላለው የሚሰጠው “ኦቨርቦውት” የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል። አርኤስአይ ዋጋው ውድ ይሁን ርካሽ አያውቅም። ዌልስ ዋይልደር እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው ይህ መለኪያ የሚያነጻጽረው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ የጭማሪዎችን አማካይና የቅናሾችን አማካይ። የተለመደው የስሌት ጊዜ 14 ቀን ነው።

```
RS  = አማካይ ጭማሪ / አማካይ ቅናሽ
RSI = 100 - 100 / (1 + RS)
```

በዚህ መሠረት 70 ማለት አማካይ ጭማሪው ከአማካይ ቅናሹ 2.33 እጥፍ ሆኗል ማለት ነው፤ 80 ደግሞ 4 እጥፍ። ይህ ጥምርታ እስካልተለወጠ ድረስ ዋጋው የፈለገው ያህል ቢወጣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

በ100 ዶላር የሚሸጥ አክሲዮን ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ዶላር ይጨምራል፣ በሦስተኛው ቀን አንድ ዶላር ይቀንሳል፣ ከዚያም እንደዚሁ ይቀጥላል እንበል። አርኤስአይ በ78 እና በ82 መካከል እየተመላለሰ ይኖራል። ከ60 የግብይት ቀን በኋላ ዋጋው 160 ደርሷል፤ መለኪያው ግን አሁንም እዚያው 80 አካባቢ ነው።

ስህተት 2፦ አንድ ቀይ ሻማ፣ ማለትም አንድ የቅናሽ ቀን፣ ያወርደዋል ብሎ መጠበቅ

የዋይልደር ማለስለሻ የትናንቱን አማካይ በ13 ያባዛል፣ የዛሬውን ለውጥ ይደምራል፣ ከዚያም ለ14 ያካፍላል። የዛሬው ቀን ድርሻ አንድ አሥራ አራተኛ ብቻ ስለሆነ ያለፈው ጉልበት ቶሎ አይረሳም። ከላይ ባለው ምሳሌ አርኤስአይ 82 አካባቢ ላይ ሳለ በአንድ ቀን ከ70 በታች እንዲወርድ ዋጋው ወደ 3.7 ዶላር መውደቅ አለበት፤ ይኸውም ከተለመደው የአንድ ዶላር ቅናሽ አራት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው።

ዋጋው በቦታው ቢቆምስ? የዛሬው መዝጊያ ከትናንቱ ጋር እኩል ከሆነ ሁለቱም አማካዮች በእኩል መጠን ያንሳሉ፣ ጥምርታቸው አይለወጥም፣ አርኤስአይም ባለበት ይቆያል። “ገበያው ትንሽ ካረፈ ይወርዳል” የሚለው ግምት የሚከሽፈው በዚህ ምክንያት ነው።

ስህተት 3፦ 70ን እንዳለፈ ሾርት መክፈት

ቢትኮይን እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 2020 ለመጀመሪያ ጊዜ 20,000 ዶላርን አለፈ። በማግሥቱ የቀን ቻርቱ አርኤስአይ ከ70 በላይ ነበር፤ ዋጋው ደግሞ 23,000 አካባቢ። ያኔ ሾርት የከፈተ፣ ማለትም ዋጋው ይወርዳል ብሎ የገባ ሰው አንድ ወር እንኳ ሳይሞላ ዋጋው ከ40,000 በላይ ሲሄድ ከዳር ሆኖ ማየት ነበረበት፤ ያውም ኪሳራው ሳይበዛ የሚያስወጣ ስቶፕ ሎስ አስቀምጦ ከሆነ።

በጉዞ ላይ ያለ ገበያ ውስጥ ከ70 ይልቅ የታችኛው ክልል የበለጠ ይናገራል። ዋጋው ከ50 ቀን አማካዩ በላይ ከሆነ፣ አማካዩም ራሱ ሽቅብ የሚሄድ ከሆነ፣ ዋጋው ለጊዜው በሚቀንስበት የእርማት ጊዜ አርኤስአይ ብዙውን ጊዜ 40 እና 50 መካከል ደርሶ ይመለሳል። ከ40 ሰብሮ ሲወርድና ዋጋውም ከመጨረሻው የእርማት ዝቅታ በታች ሲዘጋ ያኔ ነገሩ ተለውጧል። 70 እንደ መሸጫ የሚያገለግለው ዋጋው በአንድ ጣሪያና ወለል መካከል ሲዋዥቅ ነው።

ስህተት 4፦ ዳይቨርጀንስን እንደ ውድቀት ማስታወቂያ መውሰድ

ያው አክሲዮን ፍጥነቱን ቀንሶ በሁለት ቀን 1.5፣ 1.5 ጨምሮ በሦስተኛው 1 ቢቀንስ RS ወደ 3፣ አርኤስአይ ደግሞ ወደ 75 ይወርዳል። ዋጋው ግን በየሦስት ቀኑ ሁለት ዶላር እየጨመረ አዲስ ከፍታ ይሠራል። ቻርቱ ላይ ይህ ጥርት ያለ ዳይቨርጀንስ ይመስላል፤ የሚለው ግን ሩጫው ቀዘቀዘ ነው፣ ተገላበጠ አይደለም። በረጅም ጉዞ ውስጥ እንዲህ ያለው ሦስትና አራት ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ስለዚህ ዳይቨርጀንስ ሲታይ ስቶፕ ሎስን ወደ መጨረሻው ዝቅታ ማስጠጋት ያስኬዳል፤ በእሱ ብቻ በተቃራኒው መግባት ግን አያስኬድም።