ቀኑ ሳይሆን ሌሊቱ ሲፋጅ

ምልክቱ

ሙቀቱ ከጀመረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ቅጠል አይነቃነቅም። እኩለ ሌሊት ላይም ቤቱ እንደ ምድጃ ይፋጃል። በዕድሜ የገፉት እርስዎ ግን ጥም አይሰማዎትም፣ ላብዎም ያን ያህል አይደለም። ድካምና ራስ ማዞር ብቻ ነው ያለው። ደህና የሆኑ ይመስላል። አይደሉም።

ከሰማይ በኩል ያለው መንስኤ

ብዙውን ጊዜ ከፍታ ላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ የአየር ሁኔታውን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ እየገፋ ይወስደዋል። አንዳንዴ ግን ይህ ነፋስ በሰፊው ይጠማዘዛል። ያኔ ከፍተኛ የአየር ግፊት አንድ ቦታ ተገትሮ ይቀራል፣ ለሌላውም መንገድ ይዘጋል። ከላይ ቁልቁል የሚወርደው አየር እየታመቀ ይሞቃል፤ በየኪሎ ሜትሩ ወደ 10 ዲግሪ ገደማ። ደመና ስለማይኖር ፀሐይ እንደልቧ ታቃጥላለች። አፈሩም ይደርቃል። የሚተን ውሃ ሲያልቅ ደግሞ የፀሐይዋ ጉልበት በሙሉ አየሩን ወደ ማሞቅ ይዞራል። ስለዚህ አራተኛው ቀን ከመጀመሪያው ይብሳል።

እ.ኤ.አ. በ2021 በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ የሆነው ይኸው ነው። ሰኔ መጨረሻ ላይ ሊተን የተባለችው ከተማ 49.6 ዲግሪ ደረሰች። በክፍለ ግዛቱ 619 ሰዎች በሙቀቱ ሞቱ። ሁለት ሦስተኛው 70 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበሩ። ሁሉም ለማለት ይቻላል የታመሙት ቤት ውስጥ ነው። «ቤቴ ጥላ ነው» ማለት አያድንም።

ከሰውነት በኩል ያለው መንስኤ

በእርጅና የጥም ስሜት ይደክማል፣ ላብም ይቀንሳል። ሽንት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ደግሞ ፈሳሹን ይጨርሳሉ።

መፍትሄው

አንድ ቴርሞሜትር ውስጥ፣ አንድ ውጭ ጥላ ላይ ያድርጉ። ውጭው ሲብስ መስኮቱን ይዝጉ፣ ከተቻለ ፀሐይ የሚከልል ነገር ከመስኮቱ ውጭ ይስቀሉ። ውጭው ሲቀዘቅዝ ይክፈቱ።

ቬንትሌተር ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ክፍሉ ከ40 ዲግሪ ካለፈ ትኩስ አየር እየነፋ ጭራሽ ያሞቅዎታል። ከዚያ በታች ሲሆን ክንድዎን፣ አንገትዎንና ሸሚዝዎን በውሃ አርሰው ፊቱ ይቀመጡ። ላቡ ሲቀንስ ውሃው ይተካዋል። በየቀኑ ሁለት ሦስት ሰዓት የቀዘቀዘ ቦታ ማሳለፍም ሰውነትን ያሳርፋል።

ጥም ሳይጠብቁ በየሰዓቱ ትንሽ ይጠጡ። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ከሆኑ ግን መጠኑን ሐኪም ይወስን። መድኃኒቱንም በራስዎ አያቁሙ።

በቀን ሁለቴ የሚያይዎት ሰው ይኑር፤ መዘባረቅን ራሱ ሰውየው አያውቀውምና። ንግግሩ ከተምታታ ወይም ራሱን ከሳተ አምቡላንስ ይጠራ፣ እስኪደርስም ሰውነቱን በውሃ እያራሱ ያራግቡለት። በደንብ ካልነቃ በአፉ ምንም አይሰጠው።

ትንበያው «ሙቀቱ አለፈ» ካለ በኋላም ቴርሞሜትሩን ይመልከቱ። ግድግዳው ያጠራቀመውን ሙቀት ለመጨረስ አንድ ሁለት ቀን ይፈጅበታል።